«ኬሚስትሪ» ብላ የጻፈችልኝ ልጅ

መልእክቱ አንድ ቃል ነበር። «ኬሚስትሪ» ይላል፤ ሰላምታ የለው፣ ስም የለው፣ የጥያቄ ምልክት እንኳ የለው። የላኪውን ቁጥር አላውቀውም። ፎቶ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቀይ ጽጌረዳ አለ። እኔ በዚያ ሰዓት ሳጃና ገበያ፣ ቀለም መደብሩ ውስጥ፣ እስከ ክርኔ አረንጓዴ ሆኜ አንድ ባልዲ ቀለም እያማሰልኩ ነበር። ስልኩን በትንሿ ጣቴ ገፋ አድርጌ አየሁትና ወደ ኪሴ መለስኩት።

አገር ቤት ለብዙ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። በፖለቲካ ጣጣ ተሰድጄ ካርቱም ስገባ የመምህርነት ወረቀቴን የሚያይልኝ ጠፋ፤ አንድ ሱዳናዊ ሐጂ ግን ቀለም መቀላቀል እንደምችል አይቶ መደብሩ ውስጥ ቀጠረኝ። ሳጃና የሕንጻ ዕቃ ገበያ ነው፤ ብረቱ፣ ሲሚንቶው፣ ቀለሙ ሁሉ እዚያ ነው የሚሸጠው። ከተማይቱ በጦርነት እንዲህ ሳትበተን በፊት ማለቴ ነው። ዛሬ ያ መደብር ቆሞ ይሁን ወድቆ አላውቅም።

አርብ አርብ መደብሩ ሲዘጋ ደግሞ ወደ መምህርነቴ እመለሳለሁ። ያገሬ ልጆች በተከራዩት አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ትምህርታቸው በስደት የተቋረጠባቸውን ወጣቶች በነጻ እናስተምር ነበር። በዚያ ዓመት አንድ የጤና ማሰልጠኛ ለስደተኞች በሩን ከፈተ። የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሥልጠና ነው፤ የመግቢያ ፈተናው እንግሊዝኛ፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ነው። ሦስቱንም ማለፍ ግዴታ ነው፤ በአንዱ የወደቀ ወደቀ። ዕድሉ በሚቀጥለው ዓመት ይደገም አይደገም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በዚያ ምክንያት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላ ጀመር፤ የእኔም ስልክ ቁጥር ሳላውቀው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከረመ።

ስለዚህ «ኬሚስትሪ» የሚለውን ሳይ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ተማሪዎቹ በስልክ የሚገቡበት አንድ ቡድን አለ። እዚያ ውስጥ «ባዮሎጂ» ብሎ መጻፍ «የባዮሎጂውን መጽሐፍ ላኩልኝ» ማለት ነው። ማንም ማንንም «እባክህ» አይልም፤ የትምህርቱን ስም ትጽፋለህ፣ ያለው ይልክልሃል፣ አለቀ። እኔም ማታ ከሥራ ስመለስ የአሥረኛ ክፍሉን መጽሐፍ እንዳለ ላክሁለት። «ይኸው፣ በርታ» ብዬ ጨመርኩበት፤ ጽጌረዳውን ልብ ሳልለው ነው መሰለኝ ለወንድ አድርጌ ጻፍኩት። «ደርሶኛል መምህር። እግዜር ይስጥልኝ» የሚል መልስ መጣ።

በማግሥቱ ልክ በዚያው ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። «ኬሚስትሪ።»

እኔ ሰው ነኝ፣ ቁጣዬ ቅርብ ነው። ተማሪዎቼ አገር ቤት ሳሉ «በርበሬ» ይሉኝ እንደነበር ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሰማሁት። ቀለሙን አስቀምጬ፣ እጄን በጨርቅ ጠርጌ ጻፍኩ፦ «ትናንት መጽሐፉን ልኬልህ የለም እንዴ? ለመሆኑ ማን ልበል?»

መልሱ ቶሎ መጣ። «የአርብ ተማሪዎ ነኝ መምህር። ሴት ነኝ። ይቅርታ። እንግሊዝኛውና ባዮሎጂው ምንም አይለኝም። ኬሚስትሪው ካልገባኝ ሐሙስ ስሜን ላሰርዝ ነው።»

ሐሙስ የተፈታኞች ስም ወደ ማሰልጠኛው የሚላክበት ቀን ነበር። ያን ዕለት እሑድ ነው። ልጅቱን ለመገመት ሞከርኩ፤ አርብ አርብ ግድግዳው ጥግ ተቀምጣ፣ ነጠላ ጫማዋን ከወንበሩ ሥር አውልቃ፣ ቀና ሳትል የምትጽፍ አንዲት ልጅ ነበረች። ጀብራ የሚባል ሰፈር አንዲት ማዳም ቤት እንደምትሠራና ከአርብ በቀር እንደማትወጣ ሰምቻለሁ። ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። «ገብቷችኋል?» ስል ከሁሉም ቀድማ ራሷን የምትነቀንቀው እሷ ነበረች፤ እኔም ራስ ሲነቀነቅልኝ ደስ ይለኛል።

«ከኬሚስትሪ ምኑ ነው ያልገባሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሁሉም።»

«ሁሉም ማለት ምን ማለት ነው? ጥያቄሽን ለይተሽ ጻፊ እንጂ!»

 ጽሑፌን ማንበቧ ይታያል፤ ትጽፋለች፣ ትተወዋለች፣ ትጽፋለች፣ ትተወዋለች። በመጨረሻ «እሺ መምህር» ብቻ መጣ። «እሺ» በእኛ ቋንቋ ብዙ ነገር ነው፤ ይሄኛው ግን «በቃ ተውኩት» እንደነበር ደንቆሮም ይሰማዋል። 

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ልብስ እየሰፋች ነበር፣ ከመርፌዋ ቀና አላለችም።

«አንተ ሰውዬ፣ መልሱን ሰጥታህ የለ?» አለችኝ። «ሁሉም አለችህ። ከዚህ በላይ ቁርጥ ያለ መልስ ከየት ይምጣ?»

«ሁሉም ብሎ ጥያቄ አለ እንዴ? ጥያቄዋን ትጠይቀኝ!»

«ጥያቄውን ብታውቀው ምን አንተን አስፈለጋት?»

በገዛ ቤቴ ተረታሁ። እራቴን በላሁ።

በማግሥቱ ሰኞ ጠዋት መደብሩ እንደተከፈተ አንድ ጎልማሳ ሱዳናዊ መጣ። ጀለቢያው በአቧራ ነጥቷል፤ ሐጅ ዩሱፍ ከሚባለው ሰፈር ድረስ በሃፍላ አውቶቡስ ተሳፍሮ መምጣቱን ነገረን። ባንኮው ላይ ተደገፈና አንድ ቃል ተነፈሰ፦ «ቡሂያ።»

ቡሂያ ቀለም ማለት ነው። የቆመው ቀለም መደብር ውስጥ ነው፤ ከፊቱም ከኋላውም ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረው ቀለም ነው። እኔ ግን አልተቆጣሁም። «ለምን ለይተህ አትጠይቅም?» አላልኩትም። በየቀኑ እንደማደርገው ጠየቅኩት፦

«ለግድግዳ ነው ለበር?»

«ለግድግዳ።»

«ከውስጥ ነው ከውጭ? ፀሐይ ይመታዋል?»

«ከውጭ። ወላሂ፣ ፀሐዩ አይጣል ነው።»

«የድሮው ቀለም አለበት? ይላጣል?»

እዚህ ላይ ተቸገረ። ይላጥ አይላጥ ልብ ብሎት አያውቅም። «እንግዲያው አሁን ምንም አትግዛ» አልኩት። «ቤትህ ሂድና በጥፍርህ ፋቅ አድርገው። የተላጠውን ቁራጭ አምጣልኝ። ቁራጩን ካየሁ የሚሆንህን አውቃለሁ።» ሐጂ ደንበኛ ባዶ እጁን ስሰድድበት ሁልጊዜ ይስቃል እንጂ አይከፋም፤ እንዲህ የሄደ ሰው ሁሌ ይመለሳል፣ ጎረቤቱንም ይዞ ነው የሚመለሰው። «ያላ፣ ኢንሻላህ ነገ» ብሎ ሰውየውን ሸኘው።

ሰውየው ከበሩ ሳይርቅ ነው የደነገጥኩት። ስንት ዓመት ሙሉ «ቡሂያ» የሚለኝን ሁሉ እንዲህ እያባበልኩ ወደ ጉዳዩ አደርሳለሁ፤ «ኬሚስትሪ» ያለችኝን ልጅ ግን «ለይተሽ ጠይቂ» ብዬ ጮህኩባት። ቁራጩን እንድታመጣልኝ አልጠየቅኳትም።

በካርቱም ከቀትር በኋላ ፀሐዩ ሰው አያስወጣም፤ ገበያው ይተኛል፣ አሠሪዎችም ይተኛሉ። እኔም ከመደርደሪያው ጀርባ ያለችው ማራገቢያ ሥር ተቀምጬ ጻፍኩላት።

«ልጄ፣ እንዴት ዋልሽ? ትናንት የጠየቅኩሽን እርሺው። ዛሬ ቀላል ነው፣ መምረጥ ብቻ ነው። መጽሐፉን ስትከፍቺው ቀድሞ የሚያስፈራሽ የቱ ነው? ቃላቱ ናቸው፣ ፊደላቱ ናቸው፣ ወይስ ቁጥሮቹ?»

«ቁጥሮቹ» አለች። ከዚያ ሳልጠይቃት ጨመረች፦ «ትንንሾቹ። ከታች ያሉት።»

እኔ መምህር ነኝ፤ ይህን ሳነብ ልቤ ዘለለ። ሁለት መቶ ገጽ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ወደ ጥቂት ገጽ ወረደ። ከፊደላቱ እግር ሥር የሚጻፉት ትንንሽ ቁጥሮች በአንድ ቅንጣት ውስጥ ከእያንዳንዱ አቶም ስንት እንዳለ ይናገራሉ። የH₂O ትንሿ 2 «ሃይድሮጅኑ ሁለት ነው» ትላለች። እነሱን የፈራ ሰው ኬሚካላዊ ቀመር ማስተካከል ላይ ይያዛል፤ እሱ ላይ የተያዘ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አይከፍተውም። «ሁሉም» ያለችኝ እውነቷን ነበር።

«ጎበዝ። አሁን አንድ ነገር ሥሪልኝ» ብዬ ጻፍኩ። «ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ ይሆናሉ። ቀመሩን ጻፊና አስተካክይ። እጅሽ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቁሚ። ስህተት ነው ብለሽ እንዳትሰርዢ፤ የምፈልገው እሱን ነው። ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።»

ፎቶው መጣ። የጻፈችው በዱቄት ሳሙና ካርቶን ጀርባ ላይ ነው፤ ፊደሏ የሚያምር ፊደል ነው። በስተግራ H₂ እና O₂፣ ከዚያ ቀስቱ፣ በስተቀኝ መጀመሪያ H₂O ጽፋ ነበር። ኦክስጅኑ በግራ ሁለት በቀኝ አንድ መሆኑን አይታለች። ስለዚህ ከO እግር ሥር ትንሽ 2 ጨምራ H₂O₂ አድርጋዋለች። ግራው ሃይድሮጅን ሁለት፣ ኦክስጅን ሁለት። ቀኙም እንዲሁ። ከሥሩ፣ በትንሹ፣ «ሁለቱም ጎን እኩል ሆነ። ግን አገር ቤት መምህራችን ሁልጊዜ ኤክስ ያደርግብኝ ነበር» ብላለች።

ይህን ስህተት በዘመኔ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! እኔም ኤክስ አድርጌበት አልፌያለሁ፤ መምህር ሆኖ ያላደረገ የለም። ሰማንያ ተማሪ ፊትህ ተቀምጦ ማን ማንን ያብራራል? ልጅቱ ግን ሒሳቧ ልክ ነው፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው። እኩል አድርጊ ተባለች፣ አደረገች፣ ከዚያ ስህተት ነሽ ተባለች። ለምን እንደሆነ የነገራት የለም። እኔ ብሆን እኔም ጠልቼው እተወው ነበር።

«ስህተት ነው» የሚለውን ቃል ዋጥ አድርጌ ጠየቅኳት። «የጻፍሽውን በአማርኛ አንብቢልኝ።»

«ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ ሆኑ።»

«የውሃ ምልክት የቱ ነው?»

«H₂O።»

«በቀኝ በኩል በመጨረሻ የጻፍሽውስ?»

 እየጻፈች እንደሆነ ይታያል፤ ትተወዋለች ብዬ ፈራሁ። ማራገቢያው ከላዬ ይንጫጫል። ሐጂ ከመጋረጃው ወዲያ ያንኮራፋል። ከዚያ መጣ፦

«H₂O₂። ታዲያ እሱ ውሃ አይደለም እንዴ? አንዲት ኦክስጅን ብትጨመርበት ምን ይሆናል?»

ብድግ አልኩ። መደብር ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። ከሁለት ቀን በፊት «ኬሚስትሪ» ብቻ ያለች ልጅ ይኸው ጠየቀች፤ ያውም እውነተኛ ጥያቄ ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ፤ ይህች ልጅ ላቦራቶሪው ሊቀርባት የነበረው ይህችን አንዲት ጥያቄ የሚያወጣላት አጥታ ነው።

«ይሄ ጥያቄ ነው!» ብዬ ጻፍኩላት። «ይሄን ጥያቄ ያዢልኝ። አሁን ልንገርሽ፤ H₂O₂ በዓለም ላይ ያለ ነገር ነው፣ አንቺ የፈጠርሽው አይደለም። ፋርማሲ ውስጥ በቡናማ ጠርሙስ ይሸጣል። እዚህ ሰዎቹ ሞያ ኦክስጅን ይሉታል።»

«ማዳም ዘንድ አለ!» አለች ወዲያው። «ልጇ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ ታፈስበታለች። አረፋ ያወጣል።»

«እሱ ነው። ትጠጪዋለሽ?»

«በስመ አብ!»

«በቃ። አየሽ፣ ትንሿን ቁጥር ስትነኪያት የነገሩን ብዛት አይደለም የቀየርሽው፣ ነገሩን ራሱን ነው የቀየርሽው። ውሃ ጽፈሽ ነበር፣ የቁስል መድኃኒት አደረግሽው። ብዛት ከፈለግሽ ከፊቱ ትልቅ ቁጥር ጻፊ። ሁለት ውሃ በይ። ከዚያ ግራውን እንደገና ቁጠሪ።»

ከዚያ በኋላ ፎቶው እስኪመጣ ብዙ አልቆየም። 2H₂፣ ሲደመር O₂፣ ቀስት፣ 2H₂O። በግራ አራት ሃይድሮጅንና ሁለት ኦክስጅን፣ በቀኝም አራትና ሁለት። ካርቶኑ ላይ የድሮውን ሳትሰርዝ ከሥሩ ነው የጻፈችው፤ እንዳልኳት።

«እንዲህ ቀላል ነበር?» አለች።

«አይ፣ ቀላልስ አይደለም» አልኳት፤ እውነቴን ነው።

ማክሰኞ ሌላ ላኩላት፣ ረቡዕ ሌላ። ሁልጊዜ በዚያችው የቀትር ሰዓት፣ ማዳም ስትተኛ ነው የምትሠራው። ረቡዕ ግን እሷ ናት ቀድማ የጻፈችው፦ «መምህር፣ ያ መድኃኒት ቁስል ላይ ሲፈስ ለምን ይፈላል? እጄ ላይ ሳፈሰው አልፈላም።» እጇ ላይ ሞክራዋለች! አርብ እናየዋለን አልኳት፤ እስከዚያው ግን እንዲህ ብዬ ጀመርኩላት፦ «ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ኦክስጅን ነው፣ የሚቀረው ውሃ ነው። ቀመሩን አንቺ ጻፊው።» ጻፈችው። 2H₂O₂ ሁለት ውሃና አንድ O₂ ይሆናል። አንድም ትንሽ ቁጥር አልነካችም።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። ስሟን ታሰርዝ ይሆን? ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ባለቤቴ «ተዋት፣ አታስጨንቃት» አለችኝ። ወደ ማታ ገደማ የተፈታኞቹን ስም የሚልከውን ልጅ ደውዬ ጠየቅኩት። «የጀብራዋ ልጅ? ጠዋት ደውላ ነበር» አለኝ። «ልታሰርዝ?» አልኩት። «ስሜ በትክክል መጻፉን አረጋግጥልኝ ነው ያለችኝ» አለ።

አርብ ከፋርማሲ ቡናማውን ጠርሙስ፣ ከጉልት ደግሞ አንድ ድንች ገዝቼ አዳራሹ ገባሁ። አገር ቤት ሳለሁ ላቦራቶሪ የሚባለው ክፍል ቁልፉ ከጠፋ ስንት ዓመቱ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ክፍሉም የለም። ብርጭቆ ውስጥ መድኃኒቱን አፈሰስኩ፤ ዝም አለ። ድንቹን ልጬ ቆራረጥኩና ጨመርኩበት። አረፋው ተነሣ። ልጆቹ ወንበራቸውን እየገፉ ከበቡኝ። ጥግ የምትቀመጠው ልጅም መጣች፤ ጫማዋን ረስታው በባዶ እግሯ ነው የመጣችው።

ከመጥረጊያ አንድ ሰንበሌጥ መዝዤ አቀጣጥዬ አጠፋሁትና ፍሙን ብቻ አስቀርቼ ሰጠኋት። «ወደ አረፋው አስጠጊው፣ እንዳታስነኪው ግን።» አስጠጋችው። ፍሙ ቦግ አለ። «ኦክስጅን!» ብላ ጮኸች፤ ድምጿን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፣ ወፍራም ድምፅ ነው፣ እንደዚያ አልጠበቅሁትም ነበር። እኔም እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

«ድንቹ ውስጥ መድኃኒቱን የሚሰባብር ነገር አለ» አልኳቸው። «ደማችሁም ውስጥ ያው ነገር አለ፤ ቁስል ላይ የሚፈላው ለዚያ ነው። ጤነኛ ቆዳ ላይ ደም የለም፣ ስለዚህ አይፈላም።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እሷ ግን በዚያ ቀን አልነቀነቀችም። «ከሰባበረው በኋላ ድንቹ ውስጥ ያለው ነገርስ አያልቅም?» አለች።

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ጠርሙሱን ሰጠኋትና «ጠይቂው» አልኳት። አረፋው እስኪረግብ ጠበቀች፣ ውሃውን ደፋች፣ ድንቹን እዚያው ትታ አዲስ መድኃኒት አፈሰሰችበት። እንደገና ፈላ። ደግማ አደረገችው፤ ፈላ። «አያልቅም» አለች ለራሷ። ሰው መልስ ሲሰጠው ደስ ይለዋል፤ መልሱን በገዛ እጁ ሲያገኘው ግን ፊቱ ሌላ ነው። ሳገለግል ከኖርኩበት ሙያ የምናፍቀው ይህንን ፊት ነበር፤ ቀለም መደብር ውስጥ የለም።

ከዚያ ወዲህ በቀትር የሚመጣው መልእክት መልኩ ተለወጠ። ለይታ ትጽፋለች፦ «እዚህ ድረስ ገባኝ፣ እዚህ ቆምኩ፣ ለምን?» ሌሎቹንም እሷ አስለመደቻቸው። ቡድኑ ውስጥ አንዱ «ፊዚክስ» ብሎ ሲጽፍ እሷ ቀድማ «ከፊዚክስ ምን ስትሠራ ነው እጅህ የቆመው? ፎቶ ላክ» ትለዋለች። እኔ ዳር ሆኜ እያየሁ ለብቻዬ እስቃለሁ። አንዳንዱ «አንቺ ደግሞ መምህር ሆንሽ?» ይላታል፤ ግን ፎቶውን ይልካል።

ፈተናውን ተፈተነች። ውጤቱን ሦስቱንም ላለፉት ብቻ በስልክ ይነግሩ ስለነበር ያ ሳምንት ለሁላችንም ምጥ ሆነብን። እሷን ጠሯት። ግን ገና ነው፤ የቃል ፈተና ደግሞ አለ ተባለ፣ ከዚያም የሚቀሩ አሉ። ማዳም፣ ይህን ስትሰማ እህህ ብላ፣ የግማሽ ቀን ፈቃድ ሰጠቻት። «ኻላስ፣ በቃ፤ አስቀድሜም አንቺ እቤቴ አትቀሪም ብዬ ነበር» አለች አሉ። የዚያች ሴት ነገር ገርሞኝ ነው የቀረው።

የቃል ፈተናው ቀን ከቀትር በኋላ መደብሩ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ከጀብራ ሳይሆን ከማሰልጠኛው በባጃጅ፣ እነሱ ረክሻ በሚሉት፣ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ላቧን በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች። ፊቷን አይቼ ምንም ማንበብ አቃተኝ። ሐጂ ወንበር አቀረበላት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣላት።

«እሺ?» አልኳት። «ንገሪኝ እንጂ፣ ልቤ ቆመ እኮ!»

«ገባሁ ጋሼ» አለች። እስከዚያ ቀን «መምህር» እንጂ «ጋሼ» ብላኝ አታውቅም። «እዚያው ነገሩኝ። በሚመጣው ወር እንጀምራለን።»

ሐጂ ነገሩን ሳልተረጉምለት ገባው፤ «ማብሩክ!» ብሎ እጁን አጨበጨበ። እኔ ፊቴን ወደ መደርደሪያው መለስኩ፤ የነጭ ቀለም ጣሳዎች የማስተካክል መሰልኩ። ዓይኔ ሞልቶ ነበር።

«ምን ጠየቁሽ?» አልኳት ወደ እሷ ዞሬ።

«የጠየቁኝስ ቀላል ነው። መጨረሻ ላይ አንዲት ዶክተር 'አንቺስ ጥያቄ አለሽ?' አለችኝ። ሌሎቹ ሁሉ የለንም ብለው ነው የወጡት።»

«አንቺስ?»

«ጠየቅኋታ! ያ የሚፈላው መድኃኒት የሚሸጠው በጠርሙስ ነው። ደማችን ውስጥ ግን እሱን የሚሰባብር ነገር ከተወለድን ጀምሮ አለ። ፋርማሲ ሳይኖር በፊትስ? ደማችን ማንን ይጠብቅ ነበር? አልኳት።»

እጄ ጣሳው ላይ እንዳለ ቀረ። ይህን ቀመር ለስንት ትውልድ ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ይህ ጥያቄ ግን አንድም ቀን በአእምሮዬ አልፎ አያውቅም። መልሱን አላውቀውም።

«እና ምን አለችሽ?» አልኩ።

«ወንበሯን ወደኔ ሳብ አደረገች። መድኃኒቱን የምንሠራው እኛው ራሳችን ነን አለችኝ። ሰውነታችን ውስጥ፣ በየደቂቃው፣ ስንተነፍስ ስንበላ በጥቂት በጥቂቱ ይሠራል። ቢጠራቀም ይጎዳናል፤ ስለዚህ ያው ሰውነታችን እያፈረሰ ውሃ ያደርገዋል።» ውሃውን ጠጣችና ብርጭቆውን ባንኮው ላይ አስቀመጠች። «አሁን ስናወራም እየተሠራ ነው ጋሼ። እርስዎም ውስጥ።»

ቀለም የነካውን እጄን አየሁት። በስንት ዘመኔ አንድ ተማሪ የማላውቀውን ነገር ነገረኝ፤ ያውም በኬሚስትሪ። ወንበር ስቤ ፊቷ ተቀመጥኩ።

«ቆይ፣ ቆይ» አልኳት። «የሚጎዳን ከሆነ መጀመሪያውኑ ሰውነታችን ለምን ይሠራዋል?»

አሰበች። ከዚያ የሳቀችው ሳቅ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

«እሱ ላይ እጄ ቆመ ጋሼ» አለች። «ትምህርቱ ሲጀመር ጠይቄ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»